መልስ፦ ሪፖርቱና ጉድጓዱ ለምን አይገናኙም?

«የወረዳችን ምክር ቤት አምስት የእጅ ፓምፕ ጉድጓድ ይቆፈር ብሎ ወሰነ። ሪፖርቱ አልቋል ይላል፣ ውሃ ግን የለም። ምክር ቤቱ እንዴት አያውቅም?»

ወንድሜ፣ ምክር ቤቱ የሚያውቀው የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የነገረውን ነው። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። የተመረጡት አብዛኞቹ አርሶ አደሮችና መምህራን ናቸው፤ የሚሰበሰቡት አልፎ አልፎ ነው። ተሿሚው ግን በየቀኑ ሥራው ላይ ነው፤ ሪፖርቱንም የሚጽፈው ራሱ ነው። በዚያ ላይ ከዞን የሚመጣለት ትእዛዝ አለ። ሁለት አለቃ ያለው ሰው የሚሰማው ሹመቱን በእጁ የያዘውን ነው።

አሁን የእናንተን ነገር እንየው። በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ኃላፊው የሚገመገመው ገንዘቡን በመጨረሱ ከሆነ፣ ጥልቀቱ ቢያንስም ቆፍሮ ይከፍላል። ሪፖርቱ ሐምሌ ላይ ይቀርባል። በክረምት ደግሞ ጎጃም ውስጥ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድም ውሃ ይሰጣል! ሄዶ ያየ አባል እንኳ ይታለላል። የሚደርቀው መጋቢትና ሚያዝያ ነው።

ስለዚህ ውሳኔው «አምስት ጉድጓድ ይቆፈር» ሳይሆን «በሚያዝያ ውሃ የሚሰጥ አምስት ጉድጓድ» ይበል። ከቆፋሪው ክፍያ የተወሰነው እስከዚያ ይያዝ። ቋሚ ኮሚቴው በሚያዝያ ይውረድ፤ ከጽሕፈት ቤቱ ሰው ይልቅ ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች ይጠይቅ።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። የካቢኔ አባላቱ ራሳቸው የምክር ቤት አባል ከሆኑ፣ ጠያቂውም ተጠያቂውም አንድ ወንበር ላይ ነው። ኮሚቴው ከእነሱ ውጭ ካልተዋቀረ ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።