ይህን እዪው

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በፎቶ ቤት ያሳለፍሁ ሰው ነኝ፤ ዛሬም አሮጌ ፎቶግራፍ አጥርቶ ማየትን የሚጠይቀኝ ሰው አላጣም። በቅርቡ ያየሁት አንዱ ግን ለእናንተ ካልጻፍሁት አልተኛም።

ዋሽንግተን አካባቢ ለምትኖር ልጅ፣ አያቷ ከአዲስ አበባ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በስልክ ላኩላት። ከሥሩ የጎረቤት ልጅ የጻፈላቸው «ይህን እዪው» የሚል ብቻ ነበር። ልጅቷም እንደ ብዙዎቻችሁ የልብ ምልክት ልካ ዝም አለች። ነገሩ ሲከነክናት ለእኔ አሳየችኝ።

እኔ ከፊታቸው አስቀድሜ ያየሁት ጠርዙን ነው። ወረቀቱ ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ ነበረው፤ በግራ በኩል ግን የለም፣ በመቀስ ተቆርጧል። በወጣቷ አያት ትከሻ ላይ ደግሞ አራት ጣቶች አርፈዋል። የእጁ ባለቤት ፎቶው ላይ የለም።

ጀርባውንም አንስተው እንዲልኩላት ጠይቂ አልኋት። (ፎቶው ከፍሬሙ መስታወት ጋር ከተጣበቀ በግድ እንዳታላቅቁት፤ ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራል።) ጀርባው ላይ «ነሐሴ 12 ቀን 1964» ይላል። ልጅቷ በፈረንጆች ቆጥራው ከአያቷ ዕድሜ ጋር አልገጥም ብሏት ነበር። በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጆቹ ነሐሴ 1972 መሆኑ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ለሆነ ቀን 7 ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ ላለው 8 ትጨምራላችሁ።

ከዚያ ደወለችላቸው። «ስለ ፎቶው ይንገሩኝ» አላለችም፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ «የድሮ ነው» ከሚል መልስ አያልፍም። «እማማ፣ ትከሻዎት ላይ ያለው እጅ የማን ነው?» አለቻቸው።

«የወንድሜ ነው» አሉ። «እኔው ነኝ የቆረጥሁት።»

ታላቅ ወንድማቸው ተማሪ ነበር፤ ይፈለግ ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. የደርግ የቤት ለቤት አሰሳ ሲጀመር ፊቱ ቤት ውስጥ እንዳይገኝ ቆርጠው ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። እሱም አልተመለሰም። እጁን ግን ራሳቸውን ሳይቆርጡ ማውጣት ስላልቻሉ ቀረ። ለልጅ ልጃቸው የላኩት እሱን ነው፤ እስክትጠይቃቸውም ጠበቁ።

እናንተም የሚታየውን ነገር ጠይቁ፤ እጁን፣ ጫማውን፣ የተቆረጠውን ጎን። ከልብሱ ተነሥታችሁ ግን ስለ ኑሯቸው አትፍረዱ፤ እኛ ፎቶ ቤት ኮትና ክራባት እናውስ ነበር።

የሰማችሁትንም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ ይጻፍላችሁ፤ እስክሪብቶ ወረቀቱን አልፎ ፊት ለፊት ይታተማል። ጠንካራና ንጹሕ ነገር ላይ ገልብጦ፣ ፊት በሌለበት ጥግ በኩል፣ ፎቶው ላይ ያለውን ሰው ሙሉ ስምና ዓመቱን ያስፍር፤ ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ይጥቀስ።