«ጥያቄ አለሽ?» ሲሉሽ ምን ትያለሽ?

ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። ለኢንተርንሺፕ የሚመጡ ተማሪዎች ቃለ መጠይቅ ሲደረግላቸው እኔም እቀመጣለሁ። ዛሬ ማታ ጊዜ አለኝ፣ ጠይቁ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ኢንጂነር፣ መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለሽ?» ሲሉኝ ሁሌ «የለኝም» ብዬ ነው የምወጣው። አንድ ብቻ ብጠይቅ የቱን?

«ከእኔ በፊት የነበረው ኢንተርን ምን ሠርቶ ወጣ?» በያቸው። «ሁሉንም ክፍል እየዞረ አየ» ካሉሽ ተጠንቀቂ፣ ወራቱን ቆመሽ ስታዪ ልትጨርሺው ነው። አንድ የተወሰነ ሥራ ከጠሩልሽ ግን ደህና ነው። አንዷ እኛን ጠየቀችን። አለቃችን «የፓምፑን ፓኔል ሽቦ አንድ በአንድ ተከታትሎ ዲያግራሙን እንደ አዲስ ሣለ» አላት፣ የድሮው ጠፍቶ ነበርና። እሷ ቀበል አድርጋ «ሲጨርስ ማን አረመለት?» አለች። ሁላችንም ዝም። ማንም አላረመለትም ነበር፤ ወረቀቱ እስካሁን ፓኔሉ በር ውስጥ እንደተጣጠፈ ነው። እሷ ስትገባ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሥራዋን የሚያይላት ሰው መደብንላት።

ከአያት፦ ዋናው ነገር ስለ ብር አለመጠየቅ ነው፣ ከጠየቅሽ አለቀልሽ።

ግማሹ ልክ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄ አታድርጊው። ሰርቪስ ግን ጠይቂ፣ በተለይ ከአያት ቃሊቲ የምትመላለሺ ከሆነ። «ሰርቪሱ በየት በየት ያልፋል?» ብቻ አይበቃም፤ «ኢንተርንም ይሳፈራል?» በይ። መቀመጫው ለቋሚ ሠራተኛ ብቻ የሆነበት ቦታ አለ፣ ይህን ደግሞ ሥራ ከጀመርሽ በኋላ በር ላይ ነው የምትሰሚው። የኪስ ገንዘቡን እኔ ብሆን «ተቀብለንሻል» ብለው ሲደውሉ ነው የምጠይቀው። አብሮኝ የሚጠይቀው ልጅ ደግሞ «እዚያው ይጠየቅ፣ ምን ያሳፍራል?» ይላል። እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ከቡራዩ፦ እኔን የትብብር ደብዳቤ አምጣ ብለውኛል፣ ከየት ነው የሚወጣው?

ወንድሜ፣ ይሄ የዲፓርትመንትህ ነገር ነው፣ እነሱን ጠይቅ። ግን ወረቀት ካነሳህ አይቀር፣ ቃለ መጠይቁ ላይ «የግምገማ ፎርሜን የሚሞላልኝ ማን ነው?» በል። ጥገና ክፍል ስትለፋ ከርመህ ፎርሙን ቢሮ ያለ፣ ፊትህን እንኳ የማያውቅ ሰው ቢሞላው ሁሉም ጋ «መካከለኛ» አድርጎ ይሰጥሃል። አይቻለሁ።

ከገላን፦ ጥያቄዎቼን ከደብተር ባነብስ?

አንብቢ፣ ማንም አይቆጣም። ሲነገርሽ የነበረውን መልሰሽ እንዳትጠይቂ ብቻ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ የሚጠይቀኝ የሰው ሀብት ሰው ብቻ ከሆነስ? ስለ ፓኔል ምን ያውቃል?

ምንም። እሱን «ከመጀመሬ በፊት የክፍሉን ኃላፊ 10 ደቂቃ ማግኘት እችላለሁ?» በይው። አንዳንዱ እዚያው ስልክ ያነሳል። አንዳንዱ «እንደዋውላለን» ብሎ ይሸኝሻል፣ ያኔ እንግዲህ ሌላም ቦታ ማመልከትሽን አታቁሚ።