ጥያቄና መልስ፦ ከረጅም የጉባኤ ቅጂ አንዲት መዝሙር ማስወጣት

ከደብረ ሲና፣ መዘምርት፦ ለመዝሙር ክፍል ኃላፊያችን እንዲህ ብዬ ጻፍኩላቸው፦ «ጋሼ ሰላም ነው? ከእሁዱ ጉባኤ ቅጂ ላይ እኛ የዘመርናትን መዝሙር ቆርጠው ይላኩልኝ፣ ማታ 12 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ናት።» እስካሁን መልስ የለም። ምን ጎደለው?

ማስታወሻሽ ትህትና አልጎደለውም፣ የጎደለው ቦታው ነው። ኃላፊሽ እጅ ላይ ያለው ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጅ አንድ ፋይል ነው፤ ጸሎት አለው፣ ስብከት አለው፣ የሌሎች መዘምራን መዝሙር አለው፣ ማስታወቂያ አለው። «እኛ የዘመርናት» ስትዪ ደግሞ በዚያ ምሽት የዘመራችሁት አንድ ብቻ ነበር? አብዛኛውን ጊዜ አንዷ ከስብከቱ በፊት፣ ሌላዋ በኋላ ናት። ሰውየው መልስ ያልሰጡሽ ስለናቁሽ አይመስለኝም። ቁጭ ብለው የሚያዳምጡበት ጊዜ አጥተው ነው።

ሁለተኛው ነገር ሰዓቱ ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 12 ሰዓት ከሩብ የግድግዳው ሰዓት ነው። ፋይሉ ግን የሚቆጥረው ከዜሮ ነው፣ መቅረጫው ከተጫነበት ቅጽበት ጀምሮ። ስለዚህ መቅረጫው ስንት ሰዓት ላይ እንደተከፈተ ጠይቂና ቀንሺ። ለምሳሌ ጉባኤው 11 ሰዓት ተጀምሮ መቅረጫው ቀደም ብሎ 10 ከ50 ላይ ከተከፈተ፣ መዝሙርሽ በፋይሉ ውስጥ 1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ላይ ትገኛለች። ያን ጊዜ ኃላፊሽ በቀጥታ እዚያ ሄደው፣ ትንሽ ወደፊትና ወደኋላ እያሉ ያገኟታል።

እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምጽፈው፦

«ጋሼ ሰላም ነው? የእሁዱ ጉባኤ ቅጂ፣ REC0007.MP3 የሚለው ፋይል። ከፋይሉ መጀመሪያ 1:24:50 ላይ ከበሮው ይጀምራል፣ 1:31:20 ላይ እልልታው ያበቃል። ከስብከቱ በኋላ ያለችው ናት፣ አዝማቹን ሴቶች የሚያነሱት። የመግቢያው ከበሮ አብሮ እንዳይቆረጥ እፈልጋለሁ። ለልምምድ ነው፣ የትም አልለጥፈውም።»

ይቺ ማስታወሻ የአንድ ሰዓት ሥራን አምስት ደቂቃ ታደርገዋለች። በተለይ የመጨረሻዋን መስመር አትዝለያት። ለልምምድ ከሆነ ዝም ብሎ መቁረጥ ይበቃል፤ ለሌላ ሰው የሚሰማ ከሆነ ግን ኃላፊሽ መጀመሪያና መጨረሻውን ማለስለስ ይፈልጋሉ።

ከመሐል ሜዳ፦ እኔ ግን አልገባኝም። የተዘመረ መዝሙር ለምን ከጉባኤው ቅጂ ይወጣል? ነገ ተነገ ወዲያ የሚፈልገው ሰው የለም?

አይ ወንድሜ፣ አይጠፋም። እሷ የጠየቀችው ቅጂ እንዲወጣላት ነው፣ ዋናው እንዳለ ይቀመጣል። ግን ስጋትህ ልክ ነው። ዋናውን ፋይል ከፍቶ፣ ቆርጦ፣ በዚያው ስም የሚያስቀምጥ ሰው አለ፤ እንዲህ ሲደረግ የቀረው ጉባኤ በሙሉ ይሄዳል። ዋናውን ሌላ ቦታ ሳታስቀምጡ አትንኩት።

ከደብረ ብርሃን፣ የድምፅ ሥራ የሚሠራ፦ ኤምፒ3 በተቆረጠ ቁጥር ጥራቱ ይወርዳል። መጀመሪያ ወደ ዌቭ ቀይሩት፣ ያኔ ጥራቱ ይመለሳል።

ግማሹ ልክ ነው። ኤምፒ3 ተከፍቶ እንደገና ኤምፒ3 ሆኖ ሲቀመጥ ትንሽ ይጎዳል፣ እውነት ነው። ዌቭ ግን የጠፋውን አይመልስም፤ ፋይሉን ያገዝፈዋል እንጂ። ሳይፈታ መቁረጥም ይቻላል። ኮምፒውተር ላይ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው ፕሮግራም ያለው ሰው ይቺን ትእዛዝ ይጻፍ፦

```
ffmpeg -ss 1:24:50 -to 1:31:20 -i REC0007.MP3 -c copy mezmur.mp3
```

`-c copy` ማለት ድምፁን ሳትነካ ቁረጥ ማለት ነው። ረጅም ፋይልም ቢሆን ቶሎ ያልቃል። የ3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ቅጂ በ128 ኪሎቢት ከተቀረጸ 211 ሜጋባይት አካባቢ ነው፤ ይቺ ስድስት ደቂቃ ተኩል ግን 6 ሜጋባይት ብቻ ትሆናለች። ዳታ ገዝቶ ለሚያወርድ መዘምር ልዩነቱ ትልቅ ነው።

በዚህ መንገድ የማይሆነው ማለስለስ ነው። እልልታው ላይ ድምፁ ቀስ እያለ እንዲጠፋ ከፈለጋችሁ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ክፈቱት፣ መጨረሻው ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ መርጣችሁ `Fade Out` በሉት፣ ከዚያ በ192 ኪሎቢት አስቀምጡት። መግቢያው ላይ ግን `Fade In` አታድርጉ። የመጀመሪያዋ የከበሮ ምት ትደበዝዛለች፣ መዝሙሩም ከመሃል የተጀመረ ይመስላል። ከምቷ በፊት አንድ ሰከንድ ዝምታ ብትተዉ ይበቃል።

ከዓለም ከተማ፣ መዘምር፦ እኔ ስልኬ ላይ 1:24:50 ብዬ ላክሁ፣ ኃላፊው ኮምፒውተራቸው ላይ ሲከፍቱት ስብከቱ መሃል ገቡ። ማን ነው የተሳሳተው?

ምናልባት ማናችሁም። ፋይሉ ቢትሬቱ የሚለዋወጥ ዓይነት ከሆነ፣ አንዳንድ ማጫወቻ ሰዓቱን በግምት ነው የሚያሳየው፤ ፋይሉ በረዘመ ቁጥር ግምቱ ሊርቅ ይችላል። ቅጂው ሁለት ቦታ የተከፈለ ከሆነም ሁለተኛው ፋይል እንደገና ከዜሮ ስለሚጀምር የትኛው እንደሆነ ካልተጻፈ ያው ግራ መጋባት ነው። ለዚህ ነው ከቁጥሩ ጋር የሚሰማ ምልክት ጻፉ የምለው፦ «ሰባኪው አሜን ካሉ በኋላ»፣ «ከማስታወቂያው በፊት»። ቁጥሩ ቢስት ጆሮ ያገኘዋል።

ከአንኮበር፦ የኛ ቅጂ በስልክ የተቀዳ ነው፣ ስልኩ ከበሮ መቺው እግር ሥር ነበር። በተመታ ቁጥር ይሰነጠቃል፣ ድምፃችን አይሰማም። ተቆርጦ ሲወጣ ይስተካከላል?

አይስተካከልም እህቴ፣ ባላሳዝንሽ ደስ ይለኝ ነበር። ኦዳሲቲ ላይ ስትከፍቺው የድምፁ ሞገድ ጫፍ እንደ ተላገ እንጨት ጠፍጣፋ ሆኖ ከታየሽ፣ እዚያ ላይ የነበረው ድምፅ አልተቀዳም። ድምፁን መቀነስ ስንጥቁን ዝቅ ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም። በሚቀጥለው ስልኩን ከከበሮው አርቁት፣ ወደ ዘማሪዎቹ አፍ አቅርቡት። መጠኑን የምትለኩትም መዝሙሩ ሲሞቅ፣ ከበሮና ጭብጨባው ሲጠነክር ነው። ቀስ ብሎ ሲጀመር ለክታችሁ ከተዋችሁት መጨረሻው ላይ ያው ይሆናል።

ከደብረ ብርሃን፣ ሌላ መዘምርት፦ የተቆረጠውን ቴሌግራም ቻናላችን ላይ ብንለጥፈው የማን ፈቃድ ያስፈልጋል? አንዳንዱ የመዝሙር ክፍሉ ነው ይላል፣ አንዳንዱ የሰበካ ጉባኤው።

እኛ ጋ የመዝሙር ክፍል ኃላፊው ሰምቶ ካላለፈ አይለጠፍም። አጥቢያው ሰበካ ጉባኤን የሚያስጠይቅበት ቦታም አለ፣ በዚህ አንድ አሠራር አላየሁም። እኔ በበኩሌ የምጨነቀው ስለ መሪዋ ነው። አዝማቹን ብቻዋን የምታነሳው እሷ ስለሆነች ድምፅዋ ለብቻ ይሰማል፤ ጉባኤ ላይ ለመዘመር መስማማቷ ለቻናል መስማማት አይደለም። እሷን ሳትጠይቁ አትለጥፉ።

ከደብረ ሲና፣ የመጀመሪያዋ ጠያቂ፦ መቅረጫው ስንት ሰዓት እንደተከፈተ የሚያስታውስ ሰው አጣሁ። አሁንስ?

እንግዲያው ኃላፊሽን ኦዳሲቲ ላይ ይክፈቱት በያቸው። ስብከት በሞገዱ ላይ ቀጭንና የተቆራረጠ ነው፣ ከበሮ ያለበት መዝሙር ግን ወፍራምና ድፍን ሆኖ ይታያል። ከረጅሙ ቀጭን ክፍል ቀጥሎ ያለውን የመጀመሪያ ወፍራም ክፍል ይሞክሩት፤ ከስብከቱ በኋላ የዘመራችሁት ከሆነ እዚያው ነው።