እግሩ ያበጠው ልጅ አልወፈረም

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ወሩ ነው። ከ4 ወር በፊት ነፍሰ ጡር መሆኔን ሳውቅ «የእርጉዝ ወተት ያሳምመዋል» ስለተባልኩ ጡት አስጣልኩት። ከዚያ ወዲህ የገብስ አጥሚት በጡጦ እሰጠዋለሁ፤ በቀን አራት ጊዜ ሳያስተርፍ ይጠጣል። ሰሞኑን ጉንጩ ሞላ፣ እግሩም ድቡልቡል አለ። አማቴ «ወፈረልሽ» ይሉኛል፤ ባለፈው ሳምንት ሲመዘንም ክብደቱ አልቀነሰም። ግን መጫወት ትቷል፣ ሲነኩት ይነጫነጫል፣ ፀጉሩም ሳስቶ ቀላ ብሏል። ምን ልመግበው?
እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ምግቡ ከመነጋገራችን በፊት አሁኑኑ አንድ ነገር አድርጊ። ልጅሽን ጭንሽ ላይ አስቀምጠሽ የሁለቱንም እግሮቹን ገጽ፣ ከጣቶቹ ከፍ ብሎ ያለውን ቦታ፣ በአውራ ጣትሽ ቀስ ብለሽ ተጫኚ። ሦስት ሰከንድ ያህል ቆጥረሽ ጣትሽን አንሺ። የወፈረ እግር ወዲያው ወደ ቦታው ይመለሳል። ሊጥ ላይ እንደተጫነ ጣት ጎድጓዳ ምልክት ከቀረና ይህም በሁለቱም እግሮች ላይ ከታየ፣ ያ ሥጋ ሳይሆን ውሃ ነው። ሚዛኑም ያታለለሽ በዚህ ነው፤ ልጁ ሥጋው እየከሳ ውሃ ስለቋጠረ ክብደቱ ያልቀነሰ መስሎ ይታያል። የሳሳውና የቀላው ፀጉር፣ ነጭናጫነቱም ከዚሁ ጋር የሚሄዱ ምልክቶች ናቸው።

ጣትሽ ጎድጓዳ ከተወ ነገን አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። እዚያ የክንዱን ውፍረት በባለ ቀለም ቴፕ ይለኩታል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፤ ከባድ የምግብ እጥረት ማለት ነው። ሆኖም የሁለቱም እግሮች እብጠት ካለ ቴፑ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ቢያሳይም ሕክምናው ግዴታ ነው። እብጠት የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ያንንም ይለያሉ። እቤት ውስጥ በድንጋጤ ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ አታብዪው፤ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ላይ ያለ ሰውነት ድንገተኛ ጥጋብ ይጎዳዋል። ለማይበላ ወይም ሌላ ሕመም ላለበት ልጅ አልጋ ይሰጣሉ። በደንብ የሚበላውንና እብጠቱ ያልበዛውን ግን የለውዝ ቅቤ የሚመስል የታሸገ ምግብ ሰጥተው በየሳምንቱ እየጠሩ ይከታተሉታል። ያ ምግብ መድኃኒቱ ስለሆነ ለወንድም ለእህት አይካፈልም።

አሁን ወደ አጥሚቱ ልምጣ። ጥፋቱ ገብሱ አይደለም፤ በጡጦ ጫፍ እንዲያልፍ ሲባል የሚጨመረው ውሃ ነው። የዚህ ዕድሜ ልጅ ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ የሻይ ብርጭቆ ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ያንን ቦታ ውሃ ከያዘው ልጁ ጠግቦ ይራባል። ጡጦ ደግሞ በደንብ ስለማይጸዳ ተቅማጥ ያመጣል፤ ጣዪው፣ በስኒና በማንኪያ አብዪው።

ሕክምናውን ሲጨርስ የሚበላውን ዱቄት እንዲህ አዘጋጂ፦ ሦስት እጅ ገብስ ወይም ጤፍ፣ አንድ እጅ ተቆልቶ የተከካ ሽንብራ ወይም ባቄላ አብረሽ አስፈጪ። ለአንድ ጊዜ አንድ የቡና ስኒ ዱቄት በሦስት ስኒ ውሃ ወይም ወተት አብስዪ። ሊበስል ሲል አንድ እንቁላል መትተሽ ጨምሪና በደንብ እስኪበስል አማስዪው። ከእሳት ስታወርጂ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ጣል አድርጊበት። ካለሽ ጎመን ወይም ካሮት ቀቅለሽ ፍጪበት። ማንኪያውን ስታጋድዪው ገንፎው ቀስ ብሎ ይውደቅ እንጂ አይፍሰስ። መዋጥ ካስቸገረው ውሃ አትጨምሪበት፤ ለብ ሲል ቁንጥር የብቅል ዱቄት አማስዪበት፣ ሲቀጥን መልሰሽ አፍልተሽ ስጪው። ይህን በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ በመሃሉም ሙዝ፣ አቮካዶ ወይም የፈላ ወተት ስጪው።

በጾም ቀን ድስቱ ይነካካል ብለው እንቁላልና ወተት ለሕፃኑ የሚያስቀሩ እናቶች አሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ የዚህ ዕድሜ ሕፃን ጾም የለበትም። አንድ ትንሽ ድስት ለእሱ ብቻ ለዪለት።

የእርግዝና ወተትም ልጅ አያሳምምም። ጡት ያላስጣሉ ነፍሰ ጡሮች፣ ሐኪም ካልከለከላቸው በስተቀር፣ እየተመገቡ ማጥባቱን ይቀጥሉ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ሕክምናው ሲጀመር እብጠቱ እየወጣ ስለሚሄድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ይቀንሳል፤ ጉንጩም ይጎድላል። አማትሽ «አከሱት» ቢሉ አትደንግጪ፣ ሕክምናውንም አታቋርጪ። የወጣው ውሃው ነው።