የተረፉ የእንቅልፍ መድኃኒቶችን በቤት ስለ ማስቀመጥና ማስወገድ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ)፦ አባቴ ካረፉ በኋላ ሲወስዱት የነበረው አሚትሪፕቲሊንና ዲያዜፓም በወረቀት ፖስታ ተጠቅልሎ ቡፌው አናት ላይ ቀርቷል። የ3 ዓመት ልጅ አለኝ፤ የ14 ዓመቷ እህቱ ደግሞ ከአያቷ ሞት ወዲህ ከሰው ተለይታለች። ምን ላድርገው?

መልስ (በጤና ጣቢያ ፋርማሲ የሚሠሩ ባለሙያ)፦ ዛሬውኑ ከቤት እንዲወጣ እመክራለሁ። አሚትሪፕቲሊን ብዙ ሰው እንደ ቀላል መድኃኒት የሚያየው ቢሆንም፣ ከመጠን በላይ ሲወሰድ የልብን ምት ያዛባል፤ ለሕፃን ደግሞ ጥቂት ፍሬ እንኳ አደገኛ ሊሆን ይችላል። የወረቀት ፖስታ ልጅ በጥርሱ የሚቀደው ነገር ነው፤ የቡፌው ከፍታም በርጩማ ጎትቶ መውጣት ለቻለ ልጅ መከላከያ አይሆንም።

በመጀመሪያ በአቅራቢያዎ ያለው የጤና ጣቢያ ወይም የሆስፒታል ፋርማሲ ይቀበልዎት እንደሆነ ይጠይቁ። ተቀባይ ካጡ ፍሬዎቹን ሳይፈጩ ከፖስታው አውጥተው ክዳን ባለው የላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ይጨምሩ፤ ማንም አውጥቶ እንዳይጠቀምበት በእርጥብ የቡና አተላ ወይም በአመድ ይቀላቅሉት፤ ከዚያ ክዳኑን አጥብቀው በጥቁር ፌስታል ይጠቅልሉት። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ በሚመጡበት ዕለት በእጅ ያስረክቡ እንጂ ማታ በር ላይ አውጥተው አያሳድሩት። በፖስታው ላይ ያለውን የአባትዎን ስም መፋቅም አይርሱ።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ቢጣል ልጅ አይደርስበትም፤ ወይም ከቆሻሻ ጋር ይቃጠላል።

መልስ፦ ልጅ አይደርስበትም ማለትዎ ልክ ነው። ይሁን እንጂ በእኛ አካባቢ የውኃ ጉድጓድና ሽንት ቤት በአንድ ግቢ ውስጥ ተቀራርበው ስለሚቆፈሩ፣ መድኃኒቱ ወደ መጠጥ ውኃ ሊሰርግ ይችላል። በግቢ የሚነድ እሳትም መድኃኒትን በሚገባ ለማጥፋት የሚያስፈልገው ሙቀት የለውም፤ ከላስቲኩ ጋር የሚወጣው ጭስ ደግሞ ለራሱ ጎጂ ነው።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ጊዜው ካላለፈ እንቅልፍ ለሚያስቸግራት ጎረቤቴ ብሰጣትስ?

መልስ፦ አይስጡ። ሌላ የምትወስደውን መድኃኒት፣ የልቧን ሁኔታ፣ መጠጥ የምትጠጣ መሆን አለመሆኗን አያውቁም።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ የእኛ ቤት መድኃኒት አልተረፈም፤ ባለቤቴ አሁንም ዲያዜፓም ይወስዳል፣ ከዚህ በፊት ደግሞ ከታዘዘለት በላይ የወሰደበት ጊዜ አለ። የብስኩት ቆርቆሮ በጓጉንቸር ቆልፌ አስቀምጣለሁ፤ ይበቃል?

መልስ፦ ቆርቆሮው ከነቁልፉ ተነስቶ ስለሚሄድ አይበቃም። ብረት ሠራተኛ ትንሽ ሣጥን ይበይድልዎ፤ ማጠፊያው ከውጭ የሚፈታ እንዳይሆን ይንገሩት፤ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ ከግድግዳው ጋር በብሎን ይሰር። ቁልፉ በር ጀርባ በሚስማር የሚሰቀል ከሆነ ግን ሣጥኑ የለም ማለት ነው፤ እርስዎ ብቻ ይያዙት። በሣጥኑ ውስጥ የቀሩትን ፍሬዎች ቁጥር በወረቀት እየጻፉ በየሳምንቱ ያመሳክሩ።

ከቁልፉ በላይ የሚረዳው ግን ቤት የሚገባውን መጠን ማሳነስ ነው፤ ሐኪሙን የአንድ ወር ሳይሆን የአንድ ሳምንት እንዲያዝለት ይጠይቁት። ጎደለ ብለው ተናደው ግን መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ አይከልክሉት፤ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ዲያዜፓም በድንገት ሲቋረጥ የሚጥል ሕመም ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ቅነሳው በሐኪም መሪነት ቀስ በቀስ ይሁን።

ሐሳብ (ከጀሞ)፦ እኔስ የምፈራው እንግዳ ነው። እናቴ ከገጠር ስትመጣ መድኃኒቷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው፤ ሌሊት ቋጠሮው ተፈቶ ጠዋት ልጄ ከምንጣፉ ላይ ሲለቅም ደረስኩ።

መልስ፦ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። እናት ሲገቡ በአክብሮት ተቀብሎ ወደ ሣጥኑ ማስገባት፣ በሰዓቱም አውጥቶ መስጠት ነው። የእንግዳ ቦርሳም መሬት ላይ አይቀመጥ።

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ፣ የመጀመሪያዋ ጠያቂ)፦ ሁሉን ብቆልፍ ልጄ ተጠረጠርኩ ብላ አትርቀኝም?

መልስ፦ የሁሉም ሰው መድኃኒት፣ የእርስዎ የራስ ምታት ክኒን ጭምር፣ አብሮ ቢቆለፍ ነገሩ በእሷ ላይ ያነጣጠረ አይመስልም። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ብዙ ጊዜ በድንገት በርትቶ የሚያልፍ ስለሆነ፣ በዚያች ሰዓት በእጅ የሚገኝ ነገር አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል። እንዲህ ያለ ሐሳብ መጥቶባት እንደሆነ በቀጥታ መጠየቅም ሐሳቡን አያስገባባትም።

ሐሳብ (ከጀሞ)፦ እኔ ብሆን ሣጥኑን አልነግራትም።

መልስ፦ በዚህ ላይ ባለሙያዎችም አንድ አይደሉም፤ እኔ መንገሩን እመርጣለሁ፣ ልጅዎን የሚያውቁት ግን እርስዎ ነዎት። ከሰው መራቋን ግን እንዲሁ አይተዉት፤ ጤና ጣቢያ ወስደው ያማክሩላት።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ልጅ ውጦ ቢገኝስ? ወተት ይሰጠው?

መልስ፦ ወተትም አይስጡት፣ እንዲያስታውክም አያድርጉት። ካንቀላፋ በጎኑ ያስተኙትና 907 ደውለው አምቡላንስ ይጥሩ፤ ከዘገየ ባገኙት መኪና ወደ ሆስፒታል ይዘውት ይሂዱ፤ ፖስታውንና የተረፉትን ፍሬዎችም አብረው ይያዙ። ሲያዩት ደህና ቢመስልም ቤት ሆነው አይጠብቁ፤ የአሚትሪፕቲሊን ጉዳት ዘግይቶ ሊታይ ይችላል።