ለ45 ደቂቃ የኔትቦል ልምምድ ዕቅድ፦ መጀመሪያ ሰልፉን ተዪው

ጥያቄ፦ «ሰላም ናችሁ? እህታችሁ ነኝ ከጅማ። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ኔትቦል ላሰለጥን ነው። አንዳንዶቹ ጎበዞች ናቸው፣ አንዳንዶቹ ኳስ መያዝም አይችሉም። አምስት ደቂቃ እንኳ አይረጉልኝም። የአንድ ቀን የልምምድ ዕቅድ ያላችሁ እባካችሁ ተባበሩኝ።»

እህቴ፣ እኔም እዚሁ ጅማ ነው የማሰለጥነው። ልጆችሽ የኔዎቹ ዓይነት መሆናቸው አያጠራጥርም። ደንቡን ስለምታውቂ እሱን ልዝለለውና ቅዳሜ ጠዋት የምሠራውን ልንገርሽ። ልጆቹ 16፣ ኳሶቹ 6፣ ጊዜው 45 ደቂቃ። ከሰዓት በኋላ አትቅጠሪ፤ የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ።

1. ሰልፍ የሚባል ነገር አይኑር። ይሄን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል። አንድ ቀን ከአንድ ቢሮ ሊጎበኙን የመጡ ሰውዬ ልጆቹ እየዘለሉ ሲስቁ አዩና «ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ልምምድ?» አሉኝ፣ ወላጆች ፊት። ከዚያ ራሳቸው ገብተው ልጆቹን በሁለት ሰልፍ አቆሙ። ስምንት ስምንት ልጅ፣ ለአንድ ሰልፍ አንድ ኳስ። እስቲ አስቢው፤ አንዷ ወርውራ ወደ ኋላ ዞራ ተራዋ እስኪደርስ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ትቆማለች። ትንሽ ሳይቆዩ የኋለኞቹ መገፋፋት ጀመሩ፣ አንዱ የጓደኛውን ጫማ ወረወረ፣ ሁለቱ ሣር መንቀል ያዙ። ሰውዬው «ሥነ ሥርዓት የላቸውም» ብለው ሄዱ። ልጆቹ ሥነ ሥርዓት አላጡም፣ ኳስ ነው ያጡት። ሣር የሚነቅል ልጅ ካየሽ ልጁን አትቆጪ፣ ቡድኑን አሳንሺው።

2. የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ለእግር ናቸው። ኔትቦል ላይ ልጆችን የሚያስለቅሰው እርምጃው ነው። ኳስ ይዞ መሮጥም ማንጠርም የለም፣ እነሱ ደግሞ ቅርጫት ኳስ አይተው ነው የሚመጡት። በቃል ብታስረጂያቸው አይገባቸውም። እኔ ሰኞ ማክሰኞ ነው የማጫውታቸው። ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ አምስት ቦታ እስላለሁ፣ ለአንዱ ሦስት ልጅ፣ አንዱ ጋ አራት። ልጅቷ በአንድ እግሯ እየዘለለች መጨረሻው ሳጥን ላይ ስትደርስ ጓደኛዋ ኳሱን ትወረውርላታለች። አየር ላይ ይዛ፣ በአንድ እግር አርፋ ትቆማለች።

መጀመሪያ መሬት የነካው እግር ችካል ነው እላቸዋለሁ። ሌላኛው እግር እንደፈለገ ይራመድ፣ ዙሪያውን ይዙር። ችካሉ ይነሳ ይሆናል፣ ግን ኳሱ ከእጇ ሳይወጣ ተመልሶ መሬት መንካት የለበትም። ሁለቱም እግሮች እኩል ካረፉ ችካሉን እሷ ትመርጣለች። የሚያርፈው ጫማ ሶል ላይ ጠመኔ ቀቢበት። እግሯን ከጎተተች ሲሚንቶው ላይ ነጭ መስመር ይቀራል፣ ከዚያ ዳኛ አያስፈልግሽም፣ እርስ በርስ ይካሰሳሉ። ጆሮሽንም አትርሺው። ሲያርፉ «ዷ» የሚል ድምፅ ከሰማሽ ጉልበታቸው አልታጠፈም ማለት ነው። ኔትቦል ላይ ሩጫ ድንገት ስለሚቆም ጉልበት የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው። «ድምፅ ሳታሰሙ አርፉ» በያቸው፣ ጉልበታቸው ራሱ ይታጠፋል።

3. ቀጣዮቹ 12 ደቂቃዎች መሃል ባልገባ ናቸው፣ በእጅ። አራት አራት ሆነው፣ ሦስቱ ይቀባበላሉ፣ አንዱ መሃል። አራት ቡድን በአንዴ ይጫወታል፣ ሁለት ኳስ ይተርፍሻል። ጎበዙን ከደካማው ጋር ማደባለቅ ደግነት ይመስላል፣ እዚህ ላይ ግን አልስማማም። ጎበዙ ይሰለቻል፣ ደካማው ኳስ አያይም። በዚህ ሰዓት እኩያን ከእኩያ አድርጊ፣ ጨዋታው ላይ ይደባለቃሉ።

ጨዋታው ለሁሉም አንድ ነው፣ ሕጉ ግን ይለያያል። ለጎበዞቹ ልክ እንደ ትልቁ ደንብ ኳሱን ለመያዝ 3 ሰከንድ ብቻ ስጪያቸው፣ ላቀበላቸው ልጅ መመለስም ክልክል ይሁን። ለጀማሪዎቹ 5 ሰከንድ ይሁንላቸው፤ መሃል ያለው ልጅም ኳስ ከያዘው አንድ ትልቅ እርምጃ ይራቅ። በደንቡም ርቀቱ 0.9 ሜትር ስለሆነ አሁኑኑ ይለምዱታል። መሃል የገባው ልጅ አንድ ደቂቃ ሙሉ ኳስ ካልነካ ሜዳውን አጥብቢው። ተቀባባዮቹ ሁለት ቅብብል እንኳ ካልሞላላቸው አስፊው። በየሦስት ደቂቃው አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፣ ጨዋታውን አትቀይሪ። አዲስ ጨዋታ ማስረዳት ነው ትኩረታቸውን የሚበላው። ግማሾቹ አፋን ኦሮሞ ነው የሚቀናቸው፣ ስለዚህ ከማውራት ማሳየት ይሻላል።

ኳስ ሲመጣ ዓይኗን የምትጨፍን ልጅ ነበረችኝ። እናቷ «ተዪያት፣ እሷ ስፖርት አይሆንላትም» አለችኝ። ትንሽ የተነፈሰ ኳስ ሰጠኋትና ሁለት ሜትር ያህል ላይ ሆነው መሬት እያነጠሩ እንዲያቀብሏት አደረግኩ። ነጥሮ የሚመጣ ኳስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ፊትም ላይ አይመጣም። ዛሬ የመሃል ቦታ የምትጫወተው እሷ ናት። እናቷም በየሳምንቱ ዳር ቆማ ትጮኻለች፣ የምታስቸግረኝ አሁን እናትየዋ ናት።

4. ከውሃ በኋላ 15 ደቂቃ ጨዋታ። ሰባት ለሰባት አታሰልፊ። በዚህ ዕድሜ ጎል ጠባቂዋ ኳሱ ወዲያ ማዶ ሲሆን ቢራቢሮ ትቆጥራለች። የቅርጫት ኳስ ሜዳ (28 በ15 ሜትር) ከኔትቦሉ (30.5 በ15.25) ብዙ አይለይም። በወርዱ ከፍለሽ ሁለት ጨዋታ በአንዴ አስኪጂ፣ አራት ለአራት። በየቡድኑ ሁለት ልጅ እጃቸው ላይ ቀይ ክር ይሰሩ፣ ጎል መሞከር የሚችሉት እነሱ ብቻ ናቸው፣ እንደ ትልቁ ጨዋታ። በየአራት ደቂቃው ክሩ ይቀየር። «ሁሉም ሳይነካው ጎል አይሞከር» የሚለውን ሕግ ሞክሬው አልወደድኩትም። ለደካማዋ ልጅ ለወጉ ያቀብሏትና ወዲያው «መልሺ!» ይሏታል። ክሩ እጇ ላይ ሲሆን ግን ልመናው የነሱ ነው።

የቅርጫት ኳሱን ሪንግ አትጠቀሚ። ቁመቱ እንደ ትልቁ ኔትቦል 3.05 ሜትር ነው፣ ለነዚህ ልጆች ሰማይ ነው። ስፋቱም 45 ሳንቲ ሜትር ነው፣ የኔትቦሉ 38። ሰሌዳውም ያበላሻቸዋል፤ ኔትቦል ሰሌዳ ስለሌለው ኳሱ ከላይ መውረድ አለበት። በያጅ ጋ ሄደሽ ከፌሮ 38 ሳንቲ ክብ አሠሪ፣ ቱቦ ላይ 2.4 ሜትር ከፍታ ላይ ይበየድ። የቱቦውን እግር አሮጌ ጎማ ውስጥ አቁመሽ ሲሚንቶ ሙዪበት። ኳሱ ቁጥር 4 ይሁን። የኔትቦል ካጣሽ የእግር ኳስ ቁጥር 4 መጠኑ ተመሳሳይ ነው፣ ያረጀና የሻከረ ምረጪ፣ አዲሱ ያንሸራትታል።

የቀረውን ጊዜ ለመሰብሰብና ነፃ ጎል ሙከራ ተይው።

ስለ ሜዳው ደግሞ፣ እኔን ያመላለሰኝ ቢሮ አንቺንም ማመላለሱ አይቀርም። መጀመሪያ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። ከዚያ ደብዳቤ አምጪ። ደብዳቤውን ሳመጣ «ክብ ማህተም የለውም» ተብሎ ተመለሰ። ክቡ ሲመታ ቁልፍ ያዡ ፈቃድ ላይ ነበር፤ ልጆቹም ቅዳሜ ጠዋት በር ላይ ቆመው ቀሩ። ስለዚህ ክብ ማህተም ያለው ደብዳቤ ይዘሽ በሳምንቱ መሃል ሂጂ፣ አንድ ኮፒ ለጥበቃው ስጪ፣ የቁልፍ ያዡንም ስልክ ያዢ። ሪንጉን ግን እዚያ እንዳታሳድሪው፣ በባጃጅም ቢሆን ቤትሽ ይመለስ።