ቅዱሳት ሥዕላትና አብያተ ክርስቲያናት በቪዲዮ መሃል ሲገቡ፦ ጥያቄና መልስ

ሥራዬ ለዘጋቢ ፊልሞች የምስል ፈቃድ ማጣራት ነው። የምሠራው አሜሪካ ስለሆነ መልሴ በአብዛኛው የዚህን አገር ሕግ ይከተላል። የኢትዮጵያን ሕግ ስጠቅስ ለይቼ እናገራለሁ።

ሰላም፦ ቨርጂኒያ ያለው ደብራችን አዲስ ነው። ሠዓሊ ቀጥሮ ግድግዳውን አሥሎ ከፍሏል። አስተዳዳሪው «ቅረጹ» ብለውናል። ይበቃል?

ገብቶ ለመቅረጽ ይበቃል፤ ለሥዕሉ ግን ላይበቃ ይችላል። ደብሩ የግድግዳው ባለቤት ነው። የቅጂ መብቱ ግን በጽሑፍ ተፈርሞ ካልተላለፈ ሠዓሊው ጋር ይቀራል። መክፈል ብቻውን አያስተላልፈውም። ስለዚህ መጀመሪያ ውሉን ጠይቁ። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ነገሩ ብዙ ጊዜ በቃል ስለሚያልቅ ውል ላይኖር ይችላል። ያኔ ሠዓሊውን ፈልጋችሁ አንድ ገጽ አስፈርሙ። የትኞቹ ሥዕሎች፣ በየትኛው ፊልም፣ የት እንደሚታዩና ለምን ያህል ጊዜ ይጻፍበት። ፊልሙን የምታስተዋውቁበትን ቅንጭብ ቪዲዮም ጨምሩ። ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

ብሩክ፦ ሃያ ሰከንድ እኮ ነው የሚታየው! ከ30 ሰከንድ በታች ነፃ አይደል እንዴ?

የ30 ሰከንድ ሕግ የሚባል የለም፤ ወሬ ነው። ፌዝ ሪንጎልድ የምትባል አርቲስት የቤተ ክርስቲያን ሽርሽር የሚያሳይ የጨርቅ ሥራ ነበራት። ሙዚየም በፈቃዷ ፖስተር አድርጎ ሸጠው። አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ፖስተሩን ገዝቶ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በሚያሳየው ትዕይንት ግድግዳው ላይ ሰቀለው። በድምሩ 27 ሰከንድ ገደማ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1997 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ «ይህ ኢምንት ነው ተብሎ አይታለፍም» አለ። ፖስተር መግዛት በቴሌቪዥን የማሳየት ፈቃድ አልሆነም ማለት ነው።

በዓመቱ ሌላ ክስ መጣ። ፎቶግራፎች በአንድ ፊልም ውስጥ 36 ሰከንድ ገደማ ታይተው ነበር፤ ከሪንጎልድ ሥራ ይበልጣል። ግን ጨለማ ውስጥ፣ ደብዝዘው፣ ማንም ሳይለያቸው ነበር የታዩት። ፊልም ሠሪዎቹ ረቱ። ስለዚህ ሰከንድ ብቻ አትቁጠር። ሥዕሉ ጠርቶ ይታያል ወይ? ደግሞ ተራኪው ስለ ሥዕሉ እያወራ ነው ወይስ ለማሳመሪያ ነው የገባው? ስለ ሥዕሉ የሚተነትን ከሆነ መከራከሪያህ ይጠነክራል። ከመዝሙር ኋላ ለጌጥ ከሆነ ደካማ ነው።

አቤል፦ ሠዓሊው ከሞተ 50 ዓመት ካለፈው ነፃ ነው። ላሊበላና ጎንደር ደግሞ ጥንታዊ ናቸው። ታዲያ ምን ያስጨንቃል?

ግማሹን ልክ ነህ። 50 ዓመቱ የኢትዮጵያው አዋጅ 410/1996 ነው፤ አሜሪካ በአብዛኛው 70 ነው። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት ኪሩቤል የማንም የቅጂ መብት የለባቸውም። አፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ግን ሌላ ነው። እሳቸው ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2012 ስለሆነ በኢትዮጵያው ቁጥር እንኳ እስከ 2062 ይሄዳል።

ሌላው የፎቶው ጉዳይ ነው። ጠፍጣፋ ጥንታዊ ሥዕልን እንዳለ የገለበጠ ፎቶ አሜሪካ ውስጥ አዲስ መብት አይፈጥርም፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ኒው ዮርክ ያለ ፍርድ ቤት እንዲህ ብሏል። የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶ ግን ማዕዘንና ብርሃን ተመርጦ የተነሣ ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺው መብት አለው። ከኢንተርኔት ያገኘኸውን የመስቀል ፎቶ እንዲሁ አትውሰድ። ባልቲሞር ያለው ዋልተርስ ሙዚየም የኢትዮጵያ ሥዕሎች አሉት። የቅጂ መብት የሌለባቸውን ሥራዎች ምስል ማንም ያለ ፈቃድ እንዲጠቀምበት በሚያስችለው CC0 ስለለቀቀ እዚያ ብትጀምር ይሻላል።

እመቤት፦ እኔ ከእናቴ የወረስኩት የታተመ ሥዕለ አድኅኖ አለኝ፣ የሠዓሊ ስም የለበትም። ቤቴ ለመስቀልም ፈቃድ ያስፈልጋል ማለት ነው?

ኧረ የለም እመቤቴ፣ ይስቀሉት! የምናወራው ቪዲዮ ውስጥ ስለማስገባት ነው። ቀርጸው ካሰራጩት ግን ስም አለመኖሩ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ማን እንዳሳተመው ካልታወቀ እኔ በሌላ ምስል እተካዋለሁ።

ዲያቆን፦ ሁላችሁም ስለ ሕግ ታወራላችሁ። መጋረጃው ተገልጦ መቅደስ እንደማይቀረጽስ?

ልክ ነዎት። እሱን የቅጂ መብት ሕግ አይመልሰውም፤ የቦታው ሥርዓት ነው። መብቱ ነፃ የሆነ ሥዕልም ቢሆን የመቅረጽ ፈቃድ ይፈልጋል። እኔ አገር ቤት ስሄድ የሀገረ ስብከት ደብዳቤ ይዤ ነው የምገባው። አንድ ጊዜ ደብዳቤውን ይዤም የደብሩ አስተዳዳሪ «ሰበካ ጉባኤው ይወስን» ብለው መልሰውኛል።

ዲያቆን፦ ትክክል ናቸው፤ የደብሩ ኃላፊነት የእሳቸው ነው።

አቤል፦ ሀገረ ስብከቱ ከፈቀደ በኋላ?

እዚህ ላይ ሁለታችሁን ላስታርቅ አልችልም። እኔ ካሜራዬን ሳላወጣ ሁለቱንም ደጅ እጠናለሁ።